የብድር ክፍያ ሠንጠረዥ እንዴት ይነበባል?

አንድ ቀን ማታ አንዲት እናት ሁለት ወረቀት ይዘው ወደ ትምህርት ክፍላችን መጡ። አንዱ ደረሰኝ ነው። ሌላው በመስመር የተከፋፈለና ቁጥር የሞላበት ወረቀት ነው። እኒህ እናት ፊደል የቆጠሩት እዚሁ ማታ ማታ ከእኛ ጋር ነው። አሁን ቁጥር ያነባሉ፤ ይደምራሉ፤ ይቀንሳሉ። ሥራቸው ቅቤና እንቁላል ከየቤቱ እየገዙ ገበያ ማውጣት ነው። ለንግዳቸው መነሻ እንዲሆናቸው ከቁጠባና ብድር ማኅበር 6,000 ብር ተበድረዋል።

ወረቀቶቹን ከፊታችን ዘርግተው እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ ይኸን እዩልኝ። ባለፈው ሳምንት 1,071 ብር ቆጥሬ ከፈልኩ። ደረሰኙም 1,071 ይላል። ከ6,000 ላይ 1,071 ሲቀነስ 4,929 ነው። መቀነስ ያስተማራችሁኝ እናንተው ናችሁ። ወረቀቱ ግን ቀሪ ዕዳዬ 5,049 ነው ይላል። ታዲያ 120 ብሬ የት ገባ? ሒሳብ ያዡ በላው ወይስ እኔ መቀነስ አልቻልኩም?»

የእኒህ እናት አቀናነስ ልክ ነው። ሒሳብ ያዡም ገንዘባቸውን አልበላም። 120 ብሩ የሄደበት ቦታ በዚያው ቁጥር በሞላበት ወረቀት ላይ ተጽፏል። ያ ወረቀት የብድር ክፍያ ሠንጠረዥ ይባላል። ሠንጠረዡን ማንበብ የሚችል ተበዳሪ ያለ ምክንያት ሰው አይጠረጥርም። ደግሞም የሚያታልለው ሰው ሲመጣ ቶሎ ያውቀዋል። ዛሬ የምንማረው ይህንኑ ነው።

ወለድ ምንድን ነው?

ወለድ የገንዘብ ኪራይ ነው። በሬ የሌለው ገበሬ የሰው በሬ ተከራይቶ ያርሳል። ሲጨርስ በሬውን ይመልሳል፤ የኪራዩንም ይከፍላል። ብድርም እንደዚሁ ነው። የተበደርነውን ገንዘብ እንመልሳለን፤ በእጃችን ለቆየበት ጊዜም ኪራዩን እንከፍላለን። የምንመልሰው ገንዘብ ዋና ብድር ይባላል። ባጭሩ «ዋናው» እንለዋለን። ኪራዩ ደግሞ ወለድ ይባላል።

እኒህ እናት የተዋዋሉት «በወር ከመቶ ሁለት» ወለድ ሊከፍሉ ነው። ይህ ማለት በእጃቸው ላለው እያንዳንዱ መቶ ብር በወር 2 ብር ኪራይ ይከፍላሉ ማለት ነው። በ6,000 ብር ውስጥ 60 መቶዎች አሉ። 60 ጊዜ 2 ብር 120 ብር ይሆናል። እንግዲህ የጠፋው 120 ብር ተገኘ። የመጀመሪያው ወር ኪራይ ነው።

ከከፈሉት 1,071 ብር ውስጥ በመጀመሪያ 120 ብሩ ለወለድ ተነሣ። የተረፈው 951 ብር ነው። ዕዳውን የቀነሰው ይኸው 951 ብር ብቻ ነው። ከ6,000 ላይ 951 ሲቀነስ 5,049 ይቀራል። ወረቀቱ ልክ ነው።

እናታችን ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያው በየወሩ 120 ብር እየተነሣብኝ ነው የምዘልቀው?» አሉ። ይህ ጥያቄ ዋናው ጥያቄ ነው። መልሱ «አይደለም» ነው። ለምን እንዳልሆነ ቀስ ብለን እንመልከት።

ለመለስነው በሬ ኪራይ አንከፍልም

ስድስት በሬ ተከራየን እንበል። ለአንድ በሬ በወር 20 ብር እንከፍላለን ብለን ተዋውለናል። የመጀመሪያው ወር ኪራይ ስድስት ጊዜ 20፣ ማለትም 120 ብር ነው። ወሩ ሲያልቅ አንዱን በሬ ለባለቤቱ መለስን። በሁለተኛው ወር በእጃችን ያሉት አምስት በሬዎች ናቸው። ታዲያ የስንት በሬ ኪራይ ነው የምንከፍለው? የአምስት ነው። 100 ብር እንከፍላለን። ለመለስነው በሬ ኪራይ ክፈሉ ብንባል እሺ አንልም።

አሁን በሬውን በገንዘብ እንለውጠው። እያንዳንዱን 1,000 ብር እንደ አንድ በሬ እንቁጠረው። በወር ከመቶ ሁለት ማለት ለ1,000 ብር 20 ብር ነው። 6,000 ብር ተበድረን በየወሩ 1,000 ብር ብንመልስ ወለዱ እንዲህ እየቀነሰ ይሄዳል፦ 120፣ 100፣ 80፣ 60፣ 40፣ 20። ሲደመር 420 ብር ነው።

እንዲህ ስንከፍል የየወሩ ክፍያ እኩል አይሆንም። በመጀመሪያው ወር 1,000 ከ120 ጋር 1,120 ብር እንከፍላለን። በሁለተኛው 1,100 ብር እንከፍላለን። እንዲህ እያልን በመጨረሻው ወር 1,020 ብር እንከፍላለን። ይህ አከፋፈል ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ችግር አለበት። ንግድ በሚጀመርበት ሰሞን እጅ አጭር ነው። ከባዱ ክፍያ የሚመጣው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። ከዚህም ሌላ በየወሩ የተለየ ቁጥር ማስታወስ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ብዙ አበዳሪዎች ሌላ መንገድ ይመርጣሉ። ተበዳሪው በየወሩ እኩል ገንዘብ እንዲከፍል ያደርጋሉ። ለእናታችን የተመረጠው መንገድ ይኸኛው ነው። በየወሩ 1,071 ብር ይከፍላሉ። ከላይ ሲታይ ቁጥሩ አይለወጥም። ውስጡ ግን በየወሩ ይለወጣል። በውስጡ ያለው የወለድ ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የዋናው ድርሻ እያደገ ይሄዳል።

ሠንጠረዡን እናንብብ

የእናታችን ወረቀት ይህ ነው። ሳንቲም እንዳያስቸግረን ወለዱ ወደሚቀርበው ሙሉ ብር ተጠጋግቷል። ከ50 ሳንቲም በታች ከሆነ ተጥሏል፤ ከ50 በላይ ከሆነ አንድ ብር ተብሏል።

| ወር | በወሩ መጀመሪያ ያለው ዕዳ | ክፍያ | ለወለድ | ለዋናው | ቀሪ ዕዳ |
|---|---|---|---|---|---|
| 1ኛ | 6,000 | 1,071 | 120 | 951 | 5,049 |
| 2ኛ | 5,049 | 1,071 | 101 | 970 | 4,079 |
| 3ኛ | 4,079 | 1,071 | 82 | 989 | 3,090 |
| 4ኛ | 3,090 | 1,071 | 62 | 1,009 | 2,081 |
| 5ኛ | 2,081 | 1,071 | 42 | 1,029 | 1,052 |
| 6ኛ | 1,052 | 1,073 | 21 | 1,052 | 0 |
| ድምር | | 6,428 | 428 | 6,000 | |

ሠንጠረዥ የሚነበበው እንደ አማርኛ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ጣታችንን በአንዱ ረድፍ ላይ አድርገን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። ከዚያ ወደሚቀጥለው ረድፍ እንወርዳለን።

የመጀመሪያውን ረድፍ ቀደም ብለን አይተናል። አሁን ጣታችንን በሁለተኛው ረድፍ ላይ እናድርግ። በወሩ መጀመሪያ ያለው ዕዳ 5,049 ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ከላይኛው ረድፍ ጫፍ የወረደ ነው። የአንዱ ወር ቀሪ ዕዳ የሚቀጥለው ወር መነሻ ይሆናል።

በ5,049 ውስጥ 50 መቶዎችና 49 ብር አሉ። ለ50ዎቹ መቶዎች ወለዱ 100 ብር ነው። ለ49ኙ ብር ደግሞ 98 ሳንቲም ነው። ወደ ብር ስናጠጋጋው ጠቅላላው 101 ብር ሆነ። ከ1,071 ላይ 101 ሲነሣ 970 ይተርፋል። 970 ብሩ ዕዳውን ይቀንሳል። ከ5,049 ላይ 970 ሲቀነስ 4,079 ይቀራል።

ሦስተኛውን ረድፍ እናንተው ሥሩት። 40 መቶዎችና 79 ብር አሉ። ለመቶዎቹ 80 ብር፣ ለ79 ብሩ 1 ብር ከ58 ሳንቲም ይሆናል። ተጠጋግቶ 82 ነው። የቀረውን መቀነስ ትችላላችሁ።

አሁን ዓይናችንን «ለወለድ» በሚለው ዓምድ ላይ ከላይ ወደ ታች እናውርድ፤ 120፣ 101፣ 82፣ 62፣ 42፣ 21። በየወሩ እየቀነሰ ነው። ቀጥሎ «ለዋናው» የሚለውን እናውርድ፤ 951፣ 970፣ 989፣ 1,009፣ 1,029፣ 1,052። በየወሩ እያደገ ነው። ዕዳው ሲያንስ ኪራዩ ያንሳል። ኪራዩ ሲያንስ ከዚያው ከ1,071 ብር ውስጥ ለዋናው የሚተርፈው ይበልጣል።

የመጨረሻው ክፍያ 1,073 የሆነው ስሕተት ስለተሠራ አይደለም። በየወሩ ሳንቲም ስለጣልንና ስላጠጋጋን ሁለት ብር ተንጠባጥባ ቀርታለች። የመጨረሻው ረድፍ እሷን ለቅሞ ዕዳውን ባዶ ያደርጋል። በመጨረሻ ላይ አንድ ወይም ሁለት ብር ቢለያይ አያስደንግጠን። ሃምሳ ወይም መቶ ብር ከተለያየ ግን «ይኸ ከምን መጣ?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ልብ ያለ አንባቢ ሌላም ነገር ያያል። ቀደም ሲል 1,000፣ 1,000 ብር እየመለስን ስንሄድ ወለዱ 420 ብር ነበር። በእኩል ክፍያ 428 ሆነ። 8 ብር ለምን ጨመረ? በመጀመሪያው ወር የመለስነው 1,000 ሳይሆን 951 ብር ብቻ ስለሆነ ነው። ቀሪው 49 ብር በእጃችን ቆየ። በእጅ የቆየ ገንዘብ ደግሞ ኪራይ አለው። 8 ብሩ የመጀመሪያው ክፍያ ስለቀለለልን የከፈልነው ነው።

1,071 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

እናታችን ቀጥለው፣ «1,071ን ማን አወጣው? ለምን 1,100 አልሆነም?» ሲሉ ጠየቁ። ሒሳብ ያዦች ይህን ቁጥር የሚያወጡበት ቀመር አላቸው። እኛ ግን ያለ ቀመር በሙከራ ልንደርስበት እንችላለን። ሥራው እንደ ጫማ ልክ ነው። አንዱን ሞክረን ሲጠብ ሌላ፣ ሲሰፋ ሌላ እናነሣለን።

በየወሩ 1,100 ብር ቢከፈልስ? ልክ እንዳደረግነው ወለዱን እያነሣን፣ ዋናውን እየቀነስን ብንወርድ በስድስተኛው ወር የሚቀረው ክፍያ 917 ብር ብቻ ይሆናል። ከሌሎቹ በጣም አነሰ። እንግዲህ 1,100 በዝቷል። 1,050 ብር ቢከፈልስ? በስድስተኛው ወር 1,182 ብር ይጠበቅብናል። ከሌሎቹ በለጠ። እንግዲህ 1,050 አንሷል። ልኩ በሁለቱ መካከል ነው። እየሞከርን ስንጠጋ 1,071 ላይ የመጨረሻው ክፍያ ከሌሎቹ ጋር እኩል ለመሆን ሁለት ብር ብቻ ይቀረዋል። ልኩ ይህ ነው።

ቁጥሩን ማውጣት ጊዜ ይወስዳል። ወጥቶ የተሰጠንን መፈተሽ ግን ቀላል ነው። የተሰጠንን ወረቀት በሦስት ነገር እንፈትሻለን።

አንደኛ፣ በየረድፉ «ለወለድ» እና «ለዋናው» ሲደመሩ ከክፍያው ጋር እኩል መሆን አለባቸው። 101 እና 970 ሲደመሩ 1,071 ነው።

ሁለተኛ፣ የየረድፉ ወለድ በዚያ ወር መጀመሪያ ላይ ካለው ዕዳ የተሰላ መሆን አለበት። መቶዎቹን ቆጥረን በሁለት እናባዛለን።

ሦስተኛ፣ «ለዋናው» የሚለው ዓምድ ሲደመር የተበደርነውን ያህል መምጣት አለበት፤ መብለጥም ማነስም የለበትም። የእናታችን 6,000 ይመጣል።

ሦስቱም ልክ ከሆኑ ሠንጠረዡ ልክ ነው።

«ያው ከመቶ ሁለት ነው»

ይህን ትምህርት በሰጠንበት ማታ አንድ የክፍሉ ተማሪ እጃቸውን አነሡ። ገበሬ ናቸው። እርሳቸውም 6,000 ብር ለስድስት ወር ተበድረዋል። የተበደሩት ግን ከማኅበር አይደለም፤ ከአንድ ግለሰብ ነው። «የእኔም ያው ከመቶ ሁለት ነው። ግን የምከፍለው 1,120 ብር ነው። እንዴት ነው ነገሩ?» አሉ።

በማግሥቱ ወረቀታቸውን አመጡ። ስድስት ረድፍ አለው። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ለዋናው 1,000፣ ለወለድ 120 ይላል። በመጀመሪያው ረድፍ 120፤ በሁለተኛው ረድፍ 120፤ በስድስተኛውም ረድፍ 120። አይቀንስም። ሲደመር ወለዱ 720 ብር ነው። እናታችን ለዚያው ገንዘብ፣ ለዚያው ጊዜ የሚከፍሉት 428 ብር ነው። ልዩነቱ 292 ብር ሆነ።

ሁለቱም ውሎች «በወር ከመቶ ሁለት» ይላሉ። ልዩነቱ «ከየትኛው መቶ?» በሚለው ላይ ነው። የማኅበሩ ወለድ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። የግለሰቡ ወለድ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው። ተበዳሪው የቱንም ያህል ቢመልሱ፣ ለአበዳሪው ዘወትር 6,000 ብሩን እንደያዙ ይቆጠርባቸዋል። ወደ በሬው ምሳሌ እንመለስ። አምስቱን በሬ መልሰው፣ በበረታቸው አንድ በሬ ብቻ ቀርቶ፣ የስድስት በሬ ኪራይ ይከፍላሉ ማለት ነው።

የመጨረሻውን ወር ብቻ እንየው። በዚያ ወር በገበሬው እጅ ያለው የሰው ገንዘብ 1,000 ብር ነው። ለእርሱ 120 ብር ወለድ ይከፍላሉ። ይህ ለዚያ ወር ከመቶ አሥራ ሁለት ነው! ስድስቱን ወር አንድ ላይ አድርገን በእናታችን መንገድ ብናሰላው፣ ገበሬው የሚከፍሉት እውነተኛ ወለድ በወር ከመቶ ሦስት ብር ከሲሶ ያህል ይሆናል። ስሙ ሁለት ነው፤ ክብደቱ ግን ከሦስት በላይ ነው።

720 ብር ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው 6,000 ብሩን ምንም ሳይመልስ ስድስት ወር ሙሉ ቢይዘው፣ የስድስት ወር ኪራዩ ስድስት ጊዜ 120፣ ማለትም 720 ነው። ገንዘቡ ሁሉ በእጁ ስለቆየ መክፈሉ ተገቢ ነው። በየወሩ እየመለሰ የሚሄድ ሰው ግን ያን ያህል አልያዘም።

ታዲያ አስቀድመን እንዴት እናውቃለን? ከመፈረማችን በፊት «ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ብድር ላይ?» ብለን እንጠይቃለን። ከዚያም ሠንጠረዡን ከውሉ ጋር እንዲሰጡን እናደርጋለን። ሠንጠረዡ ሲመጣ ዓይናችን በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሁለተኛው ረድፍ ወለድ ነው። ከመጀመሪያው ረድፍ ካነሰ በቀሪው ዕዳ ላይ ታስቧል። እኩል ከሆነ በመጀመሪያው ብድር ላይ ታስቧል። አንዲት ቁጥር ማየት ይበቃል።

ገበሬው ይህን ሲረዱ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ውሉን የፈረምኩት በአውራ ጣቴ ነበር። ያኔ ማንበብ አላውቅም» አሉን። ያ ውል አልፏል፤ ዕዳቸውንም እየከፈሉ ነው። ወረቀቱን ግን ለክፍሉ ሁሉ እንድናሳይበት ትተውልን ሄዱ። ይህን ምሳሌ ያገኘነው ከእርሳቸው ነው።

ክፍያው ቢቀርስ? ቀድሞ ቢከፈልስ?

ሠንጠረዡ የተሠራው ሁሉም ክፍያ በቀኑ ይከፈላል ተብሎ ነው። አንድ ክፍያ ከቀረ ከዚያ በታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ልክ መሆናቸው ይቀራል።

እናታችን በአራተኛው ወር ታመሙና ሳይከፍሉ ቀሩ እንበል። የአራተኛው ወር ወለድ 62 ብር ሳይከፈል ቀረ። ዕዳውም 3,090 እንዳለ ቆየ። በአምስተኛው ወር በ3,090 ላይ ሌላ 62 ብር ይመጣል። አሁን 1,071 ቢከፍሉ በመጀመሪያ የሁለት ወር ወለድ 124 ብር ይነሣል። ለዋናው የሚተርፈው 947 ብር ብቻ ነው። ቀሪ ዕዳቸው 2,143 ይሆናል። በሠንጠረዡ መሠረት ግን በአምስተኛው ወር መጨረሻ 1,052 መሆን ነበረበት። በአንዳንድ ውል ያልተከፈለው ወለድ ራሱ ወለድ ይወልዳል፤ በአንዳንዱም መቀጫ ይጨመራል። ይህን የሚወስነው ውሉ ነውና እንዲነበብልን ሳይሆን ራሳችን ማንበብ አለብን።

በጣም ትንሽ መክፈልም አደጋ አለው። በአራተኛው ወር 50 ብር ብቻ ቢከፍሉ ለወለዱ እንኳ አልበቃም፤ 12 ብር ይጎድላል። ከዋናው አንድ ብር አልተነካም። ሰው «ከፍዬአለሁ እኮ» ይላል፤ ዕዳው ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ችግር ሲመጣ ቢያንስ የወሩን ወለድ መሸፈን ይጠቅማል።

ቀድሞ መክፈልስ? እናታችን ገበያ ቀንቷቸው በአራተኛው ወር የክፍያ ቀን ዕዳውን ሁሉ መዝጋት ፈለጉ እንበል። የሚከፍሉት ስንት ነው? ቀሪውን ዕዳ 3,090 እና የዚያን ወር ወለድ 62 ይደምራሉ። 3,152 ብር ይሆናል። ሦስቱ የቀሩት ክፍያዎች ቢደመሩ 3,215 ብር ነበሩ። የ5ኛውና የ6ኛው ወር ወለድ፣ 42 እና 21፣ ገና አልመጣምና አይከፈልም። 63 ብር ተረፋቸው። አበዳሪው «ሦስቱንም ክፍያ ሙሉውን አምጪ» ቢል፣ ገና ላልተያዘ ገንዘብ ኪራይ እየጠየቀ ነው። እዚህም ላይ ውሉ ምን እንደሚል አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር እንጨምር። በየወሩ እኩል መክፈል የሚስማማው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ገንዘብ ለሚያገኝ ሰው ነው። እንቁላልና ቅቤ ነጋዴ ገንዘብ የሚያገኘው በየገበያው ነው። እህሉን ከአውድማ ሲያስገባ ብቻ ገንዘብ የሚያይ ገበሬ ግን በክረምት በየወሩ 1,071 ብር ከየት ያመጣል? ወይ ለዘር ያስቀመጠውን ይሸጣል፤ ወይ ሌላ ብድር ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ሰው ከምርት በኋላ የሚከፈል ውል ቢፈልግ ይሻለዋል። ወለዱ 720 ብር እንደሚደርስ ግን አውቆ መግባት አለበት፤ ገንዘቡ ሁሉ በእጁ ይቆያልና።

እናታችን ደረሰኞቻቸውን አሁን በአንድ ክር ሰፍተው ያስቀምጣሉ። በየወሩ ሲከፍሉ የደረሰኙን ቀሪ ዕዳ ከሠንጠረዡ ረድፍ ጋር ያመሳክራሉ፤ ከተስማማ በእርሳስ ምልክት ያደርጉበታል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ! በሁለተኛው ወር ሲከፍሉ ሒሳብ ያዡን፣ «ልጄ፣ ዛሬ የሚነሣብኝ 101 ብር ነው አይደል?» አሉት። ሒሳብ ያዡም ወረቀቱን አየና፣ «አዎ እማማ፣ 101 ነው» አላቸው።

መልመጃ

አንድ ሰው 3,000 ብር ለሦስት ወር ተበደረ። ወለዱ በወር ከመቶ ሁለት ሆኖ በቀሪው ዕዳ ላይ ይታሰባል። በየወሩ 1,040 ብር ይከፍላል።

1. ሠንጠረዡን በደብተራችሁ ላይ ሥሩ። ወለዱን ወደሚቀርበው ብር አጠጋጉ።
2. የሦስቱ ወር ወለድ ሲደመር ስንት ነው?
3. ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ ቢታሰብ ኖሮ ስንት ይሆን ነበር?
4. ይህ ሰው በሁለተኛው ወር የክፍያ ቀን ዕዳውን ሁሉ መዝጋት ቢፈልግ ስንት ይከፍላል?

መልስ (ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ተመልከቱ)

1. በመጀመሪያው ወር ወለድ 60፣ ለዋናው 980፣ ቀሪ ዕዳ 2,020። በሁለተኛው ወር ወለድ 40፣ ለዋናው 1,000፣ ቀሪ ዕዳ 1,020። በሦስተኛው ወር ወለድ 20፣ ለዋናው 1,020፣ ቀሪ ዕዳ 0።
2. 120 ብር።
3. 180 ብር።
4. 2,020 እና 40 ተደምሮ 2,060 ብር።